«ገበናችንን ለፈረንጅ አትሽጪ»

ውድ አማካሪ፣

በደሴ ከተማ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ለአሜሪካ ኮሌጆች ሙሉ የነፃ ትምህርት ዕድል ለማመልከት ኮመን አፕ በሚባለው ብዙ ኮሌጆች በጋራ በሚጠቀሙበት የማመልከቻ ድረ ገጽ የሚላክ ከ650 ቃላት የማይበልጥ ድርሰት እየጻፍኩ ሲሆን ቀነ ገደቡ ታኅሣሥ 23 ነው። አባቴ የሚኒባስ ሾፌር ነበር። 10ኛ ክፍል ሳለሁ ወገቡን ተጎድቶ ሥራ ካቆመ ወዲህ እናቴ ለሆቴሎች እንጀራ ትጋግራለች፤ እኔም ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥቼ ከትምህርት በፊት አርባ እንጀራ እጋግራለሁ። ወጪው ተቀንሶ በወር 9,000 ብር ገደማ ይተርፈናል፤ ከእሱ 3,500 ብር ለቤት ኪራይ ይሄዳል። አዲስ አበባ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ለብዙ ተማሪዎች ድርሰት ጽፏልና ረቂቄን አሳየሁት። «አላስለቀሰኝም፤ በረሃብ ትምህርት አቋርጠሽ እንደነበር፣ አንዳንድ ቀን አንድ ብር እንኳ እንደማታገኙ ጨምሪበት፤ ካላለቀሱ አይሰጡም» አለኝ። ጨመርኩበት። ማታ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ለእናቴ ሳነብላት ግን ፊቷን አዙራ «ገበናችንን ለፈረንጅ አትሽጪ» አለችኝና ከዚያ ወዲህ ጉዳዩን አላነሣችውም። ችግሬን ካልጻፍኩ እንዴት ያውቁልኛል? ከጻፍኩስ ቤተሰቤን ማዋረዴ አይደለም? በእጄ የጻፍኩትን ረቂቅ ፎቶ አንሥቼ ልኬልዎታለሁ።

ሰ. ነኝ፣ ከደሴ

ውድ ሰ.፣

ረቂቅሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ መጀመሪያ የጻፍሽውን፣ ቀጥሎ ደግሞ የሰረዝሽውን። በሁለተኛው ገጽ ግርጌ ላይ በእስክሪብቶ የሰረዝሻቸው ሦስት መስመሮች አሉ፤ ፎቶው ጥሩ በመሆኑ ከሥር ይነበባሉ። በብርድ ወቅት ሊጡ ለምን እንደሚዘገይ ለማወቅ አንድ ወር ሙሉ የተቦካበትንና የደረሰበትን ሰዓት በደብተር መመዝገብሽን፣ በመጨረሻም የቡኾውን ዕቃ በብርድ ልብስ ጠቅልለሽ ጋግራችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ገና ያልበረደው ምጣድ አጠገብ ማኖር መጀመርሽን ጽፈሽ ነበር። ለምን ሰረዝሽው? የአክስትሽ ልጅ ለጨመረልሽ አንቀጽ ቦታ ለመልቀቅ ከሆነ፣ ከድርሰቱ ሁሉ ሌላ ሰው ሊጽፈው የማይችለውን ክፍል አውጥተሽ ማንም ሊጽፈው የሚችለውን ማስገባትሽ ነው። ወደዚህ ቦታ እመለስበታለሁ፤ በቅድሚያ ግን የእናትሽን ቃል እንመልከት፤ ምክንያቱም ከአክስትሽ ልጅ ምክር ይልቅ ስለ ጽሑፉ ብዙ የሚነግረን የእሷ ቃል ይመስለኛል።

እናትሽ ፊቷን ያዞረችው ችግረኛ መሆናችሁ በመጻፉ ነው ብዬ ለማመን ይከብደኛል። እንጀራ እየጋገረች እንደምታስተዳድራችሁ መንደሩም ሆቴሎቹም ያውቃሉ፤ በሥራዋ የምታፍርም አይመስለኝም። እስኪ ረቂቁን በእሷ ጆሮ ሆነሽ መልሰሽ ስሚው። አባትሽ ሌሊት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሲያለቅስ የሰማሽበት አንቀጽ አለ። ያ ልቅሶ እውነት መሆኑን አልጠራጠርም፤ ይሁን እንጂ የእሱ ነው፤ ማንም እንዳያየው ብሎ ወደ ግድግዳ የዞረበት ነገር ነው። ቀጥሎ ደግሞ በረሃብ ምክንያት ትምህርት አቋርጠሽ እንደነበር የሚናገረው፣ ለእኔ በጻፍሽው ደብዳቤ ግን የአክስትሽ ልጅ ሐሳብ መሆኑን የነገርሽኝ ዐረፍተ ነገር ይመጣል። በእውነት ሆኗል ወይ? ካልሆነ፣ በየሌሊቱ ምጣድ የምትጥድ እናት ልጇን ማብላት አቅቷት ነበር ብለሽ ለማታውቂያቸው ሰዎች በጽሑፍ መመስከርሽ ነው። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን ፊቴን የማዞረው ከዚህ ላይ ነው። ልሳሳት እችላለሁ፤ ስለዚህ የትኛው ዐረፍተ ነገር እንዳሳዘናት ራስሽ እንድትጠይቂያት በኋላ መንገዱን እነግርሻለሁ።

«ካልጻፍኩ እንዴት ያውቁልኛል?» ላልሽው ጥያቄ መልሱ፣ ችግርሽን የሚያውቁት በዋናነት ከድርሰቱ አይደለም የሚል ነው። የገንዘብ ድጋፍ የሚጠይቅ የውጭ አገር አመልካች እንደየኮሌጁ ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባለውን ወይም የኮሌጁን የራሱን የገንዘብ ድጋፍ ቅጽ ይሞላል። በዚያ ላይ የወላጆችሽ ሥራ፣ የዓመት ገቢያችሁ፣ የቤት ኪራዩ፣ በቤት ውስጥ ያለው የሰው ብዛት አንድ በአንድ ይጠየቃል፤ እንደ አባትሽ ጉዳት ያለ ልዩ ሁኔታ የሚብራራበት ቦታም አለው። የነገርሽኝን ቁጥር ብንወስድ በወር የሚተርፋችሁ 9,000 ብር በዓመት 108,000 ብር ይሆናል፤ ቅጹ ላይ የሚሰፍረውም ይኸው ነው። አሁን ድርሰትሽ «አንዳንድ ቀን አንድ ብር እንኳ አናገኝም» ቢል፣ ሁለቱ ወረቀቶች እርስ በርስ ሊጋጩ ነው። አንባቢው 108,000 ብር ብዙ ነው ብሎ አይደለም የሚገረመው፤ ለአሜሪካ ኮሌጅ ክፍያ ይህ ገንዘብ ከምንም የማይቆጠር መሆኑን በደንብ ያውቃል። የሚገርመው ችግሩ በቁጥር ተረጋግጦ ሳለ ለምን ማጋነን እንዳስፈለገ ነው፤ ከዚያ በኋላ እውነት የሆኑትን መስመሮችሽንም በጥርጣሬ ዓይን ማንበብ ይጀምራል። አንዳንድ ኮሌጆች ደግሞ አመልካቹን በቪዲዮ ያነጋግራሉ። አንድ ደግ ሰው «ትምህርት ባቋረጥሽበት ጊዜ ምን ትሠሪ ነበር?» ብሎ በቅንነት ቢጠይቅሽ ምን ትመልሺለታለሽ? በኮመን አፕ መጨረሻ ላይም የላክሽው ሁሉ የራስሽ ሥራና እውነት መሆኑን በስምሽ ፈርመሽ ታረጋግጫለሽ፤ ሐሰት መሆኑ ከተደረሰበት ኮሌጁ የሰጠውን ቦታ ሊነሣሽ ይችላል።

የአክስትሽ ልጅ «ካላለቀሱ አይሰጡም» ያለው ነገር የአሠራሩን ጉዳይ ስቷል። እንደ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤም.አይ.ቲ. እና አምኸርስት ያሉ ጥቂት ተቋማት የውጭ አገር አመልካችን ሲመርጡ ገንዘብ መጠየቁን በውሳኔው ውስጥ አያስገቡም፤ ከተቀበሉት በኋላ የጎደለውን አስልተው ይሸፍናሉ። አብዛኞቹ ግን ለውጭ አገር ተማሪዎች የመደቡት ገንዘብ ውስን ስለሆነ ድጋፍ መጠየቅሽን አብረው ያመዛዝናሉ። በሁለቱም አሠራር ምን ያህል ድጋፍ እንደሚያስፈልግሽ የሚሰላው ከቅጹ ነው። ድርሰቱ የሚመልሰው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ይህች ልጅ ምን ታስተውላለች? ችግር ሲገጥማት ምን ታደርጋለች? እኛ ዘንድ ብትመጣ ምን ዓይነት ተማሪ ትሆናለች? በልመና የተሞላ ድርሰት ለእነዚህ ጥያቄዎች አንዱንም ሳይመልስ 650 ቃላት ይጨርሳል።

እንዲህ መጻፋችን ግን ከአንቺ የመጣ ጥፋት አይደለም። እኛ አገር አንድ ሰው ለማያውቀው ባለሥልጣን የሚጽፈው ጽሑፍ ማመልከቻ ነው፤ ማመልከቻ ደግሞ የራሱ ዜማ አለው። ከታላቅ አክብሮት ይጀምራል፤ ችግርን ይዘረዝራል፤ «ከእናንተ በቀር ተስፋ የለኝም» ብሎ በትሕትና ይለምናል። እኔም በወጣትነቴ የዶርም ወጪ እንዲቀነስልኝ ለአንድ ቢሮ ያስገባሁት ማመልከቻ ከቀበሌ ከተሰጠኝ የድህነት ማስረጃ ጋር ተያይዞ ነበር፤ ዛሬ ቅጂውን ሳነበው ስለ ራሴ ከስሜ በስተቀር አንድም ነገር አልጻፍኩበትም። ለቢሮው ያ በቂ ነበር፤ ጥያቄው «ይገባዋል ወይ?» ብቻ ነበርና። የአንቺ ድርሰት ግን ማመልከቻ አይደለም። የማመልከቻውን ሥራ ቅጹ ይሠራልሻል፤ አንቺ ከዚያ ዜማ ነፃ ነሽ።

አሁን ወደ መክፈቻሽ እንሂድ። እንግሊዝኛሽን ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ይላል፦ «በድህነት የተወለድኩ ምስኪን ልጅ ነኝ። ሕይወቴ በሙሉ ስቃይና መከራ ነው። ከእናንተ በቀር ተስፋ የለኝምና እባካችሁ እጃችሁን ዘርጉልኝ።» በቅድሚያ እውነትነቱን እንይ። በድህነት አልተወለድሽም፤ እስከ 10ኛ ክፍል ድረስ አባትሽ ሚኒባስ እየነዳ በደኅና ያኖራችሁ ነበር። «ሕይወቴ በሙሉ» ስትዪ ዋናውን ነገር፣ ማለትም ቤቱ በአንድ ወቅት እንዴት እንደተለወጠ፣ ራስሽ ደመሰስሽው። ማጋነን ከመዋሸት ባሻገር የሚያመጣው ጉዳት ይህ ነው፤ በፊትና በኋላ መካከል ያለውን ልዩነት ያጠፋዋል፤ ታሪክ ደግሞ ያለ ልዩነት ታሪክ አይሆንም። ቀጥሎ፣ በሦስቱም ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ አንቺ የሠራሽው ሥራ የለም። ተወልደሻል፣ ተሰቃይተሻል፣ እጅ እንዲዘረጋልሽ ጠይቀሻል። ልጅቷ በሌሊት ተነሥታ አርባ እንጀራ እንደምትጋግር ከዚህ ማን ይገምታል?

ከረቂቅሽ የተለያዩ ገጾች እውነቶችሽን ብቻ ለቅሜ አንድ አንቀጽ ሠራሁ። እንድትገለብጪው አይደለም፤ በራስሽ እንግሊዝኛ በራስሽ አካሄድ መጻፍ አለብሽ፤ እኔ የማሳይሽ ሚዛኑን ነው፦

«10ኛ ክፍል እስክደርስ ቤታችን በአባቴ ሹፍርና ይተዳደር ነበር። ወገቡን ከተጎዳ ወዲህ የምንኖረው እናቴ ለሆቴሎች በምትጋግረው እንጀራ ነው፤ ከሚተርፈን ገንዘብ ከሦስተኛው እጅ በላይ የቤት ኪራይ ይወስደዋል። እኔ ከትምህርት በፊት አርባ እጋግራለሁ። ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ሆቴል እንጀራው ዓይን አላወጣም ብሎ አርባውንም መለሰልን፤ የዚያን ቀን ኪሳራችን ከሳምንት የቤት ኪራይ ብዙም አያንስም ነበር። እናቴ ምንም አልተናገረችም። እኔ በማግሥቱ ደብተር ከፈትኩ።»

በዚህ አንቀጽ ውስጥ «ድህነት»፣ «ስቃይ»፣ «ምስኪን» የሚሉ ቃላት የሉም፤ ችግሩ ግን ከበፊቱ ይልቅ ይታያል። ለምን? አንደኛው ምክንያት ችግሩ በቅጽል ሳይሆን በሒሳብ መነገሩ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። በረቂቅሽ ላይ ብሩን ወደ ዶላር መንዝረሽ «በቀን ይህን ያህል ሳንቲም» ብለሻል። እንዲህ ያለው ምንዛሪ አንባቢውን ለማስደንገጥ እንጂ ለማስረዳት አይረዳም፤ ደሴ ላይ ያ ገንዘብ ምን እንደሚገዛ አያውቅምና። «ከሦስተኛው እጅ በላይ ለኪራይ» ወይም «የሳምንት ኪራይ ያህል» ስትዪው ግን የትም አገር ያለ ሰው በራሱ ቤት መዝኖ ይረዳዋል። በጽሑፉ ውስጥ እንዲህ ያለ ቁጥር ሁለት ከሆነ ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ የሒሳብ መዝገብ ይመስላል፤ እሱ ደግሞ ቅጹ ላይ አለ።

ሁለተኛው ምክንያት የእናትሽ ዝምታ ነው። «እናቴ ምንም አልተናገረችም» ያልሽው የረቂቅሽ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ቀጥሎ ግን «ልቧ በኀዘን ተሰብሮ፣ ዓይኖቿ እንባ አቅርረው» ብለሽ አብራርተሽዋል። አብራሪው ይውጣ። አንባቢው የተመለሰውን አርባ እንጀራና ዝም ያለችውን እናት አይቶ የሚሰማው ይሰማዋል፤ ምን ሊሰማው እንደሚገባ ስትነግሪው ግን ወደ ኋላ ይላል። እናትሽም ይህን ስትሰማ እንባዋን ሳይሆን ጨዋነቷን ነው የምትሰማው፤ ለእሷ ይህ ልዩነት ቀላል አይመስለኝም።

«በማግሥቱ ደብተር ከፈትኩ» ካልሽ በኋላ ችግሩ በቃው፤ ከዚህ በታች ያለው የድርሰቱ ገላ፣ ከ650 ቃላት አራት መቶ የሚሆነው፣ የሰረዝሻቸው ሦስት መስመሮች ተዘርግተው ይሁኑ። መቼ ነበር ያቦካሽው? እርሾው ምን ያህል ነበር? ከላይ የሚያቀርረውን ውኃ በስንተኛው ቀን አየሽ? ሌላ ጊዜ በሁለት ቀን የሚደርሰው ሊጥ በዚያ ብርድ ሦስተኛ ቀን እንዳስቆጠረ ጽፈሻል፤ መጀመሪያ የጠረጠርሽው ግን ብርዱን ሳይሆን ጤፉን ነበር፤ ነጋዴው ደባልቆብናል ብለሽ ሌላ ጤፍ አስገዝተሽ ያው እንደሆነብሽ በጠርዙ ላይ በትንንሽ ፊደል አስፍረሻል። ይህን ስሕተትሽን አትደብቂው። የተሳሳተ ግምት አስቀምጦ፣ ፈትኖ፣ ጥሎ ወደ ሌላው መሄድ ኬሚስትሪ ለመማር የምታመለክት ልጅ ልታሳየው የምትችለው ከሁሉ የበለጠ ነገር ነው፤ «ኬሚስትሪ እወዳለሁ» ማለትም ከዚያ በኋላ አያስፈልግሽም። አብሲቱ ምን እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር አስረጂው፤ ከቦካው ሊጥ ተቀንሶ በውኃ እንደሚበስልና ተመልሶ እንደሚቀላቀል፣ ዓይን የሚያወጣውም ከዚያ በኋላ ሊጡ እንደገና ኩፍ ሲል መሆኑን። የምትጽፊው የምታውቂውን ሥራ ነውና ዐረፍተ ነገሮችሽ በራሳቸው ቀጥ ይላሉ። እንግሊዝኛሽ አጫጭር ቢሆን አትጨነቂ፤ የአክስትሽ ልጅ ከሰካቸው ትልልቅ ቃላት ይልቅ የአንቺ አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ይሻላሉ።

«ታዲያ ውጤቴ የወረደበትን ነገር የት ልጻፈው?» ትዪ ይሆናል፤ በረቂቅሽ ሙሉ አንቀጽ ወስዶብሻልና። ለእሱ ሌላ ቦታ አለው። ኮመን አፕ ላይ በትምህርትሽ ላይ ጫና ያሳደረ ሁኔታ ካለ የምትገልጪበት፣ መሙላቱ ግዴታ ያልሆነ፣ እስከ 250 ቃላት የሚይዝ የተለየ ሣጥን አለ። እዚያ ላይ ማሳመር አያስፈልግም፤ እንዲያውም አሳምረሽ አትጻፊ። አባትሽ የተጎዳበትን ወር፣ ሥራ ማቆሙን፣ በዚያው መንፈቅ አማካይ ውጤትሽ ከ93 ወደ 84 መውረዱን፣ ሌሊት መጋገር የጀመርሽበትን ጊዜ፣ በ11ኛ ክፍል ውጤትሽ ወደ 92 መመለሱን በአምስት ወይም በስድስት ዐረፍተ ነገር አስቀምጪና ዝጊው። የመጋገሩ ሥራ ራሱ ደግሞ አሥር መስመር ባለው የተሳትፎ ዝርዝር ውስጥ እንደ ሥራ ወይም እንደ ቤተሰብ ኃላፊነት ይመዘገባል። ብዙ ልጆች ያ ዝርዝር ለክበብና ለውድድር ብቻ የተዘጋጀ መስሏቸው ይህን ባዶ ይተዉታል። በቀን ከሁለት ሰዓት በላይ በሳምንት ስድስት ቀን ስትጋግሪ በሳምንት ወደ 13 ሰዓት ይደርሳል፤ ይህን ቁጥር በዚያ መስመር ላይ ካሰፈርሽ በድርሰቱ ውስጥ ስለ ድካምሽ መናገር አይጠበቅብሽም።

በተቃራኒው አቅጣጫ ያለውን ገደል ደግሞ ሳልጠቅስ አላልፍም፤ ከእናትሽ ቃል በኋላ ወደዚያ እንዳትሮጪ ስለምፈራ። ሁለተኛው የረቂቅሽ መዝጊያ ላይ «ችግር ጠንካራ አደረገኝ፤ ስለዚህ ስለ ድህነታችን አመሰግናለሁ» የሚል አለ። እውነት ታመሰግኛለሽ? አባትሽ ባይጎዳ አትመርጪም ነበር? ችግርን እንደ በረከት ማሳመርም ልክ እንደ ማጋነኑ ከእውነት ይርቃል። ክብር መደበቅም አይደለም፤ «ሙሉ ድጋፍ ካላገኘሁ ልማር አልችልም» የሚለው ሐቅ በገንዘብ ድጋፍ ቅጹ ማብራሪያ ላይ በዚሁ ቃል ቀጥ ብሎ ይጻፍ፤ «እባካችሁ» ሳይቀድመው፣ «ካልሆነ ግን ሕይወቴ ያከትማል» ሳይከተለው።

ስለ ራስሽ ልትዪው የማትችይው ነገር ደግሞ አለ፤ ለምሳሌ «ደክሟት እንኳ አንድም ቀን አታረፍድም» የሚለውን። ይህን አንቺ ብትዪው ትምክህት ወይም ልመና ይሆናል፤ መምህርሽ ቢሉት ምስክርነት ነው። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉልሽን መምህርና የትምህርት ቤቱን ቅጽ የሚሞሉልሽን ርእሰ መምህር አንድ ገጽ በማይሞላ ማስታወሻ አግዣቸው፤ አባትሽ የተጎዳበት ወር፣ የምትጋግሪበት ሰዓት፣ የወረደውና የተመለሰው ውጤት፣ የደብተሩ ነገር። «ችግሬን ይጻፉልኝ» አትበያቸው፤ «ካስፈለገዎት እውነቱ ይኸውልዎት» ብትዪ ይበቃል። የተለያዩ ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ነገር አንድ ዓይነት ቁጥር ሲናገሩ የሚያሳድሩትን እምነት የትኛውም የሚያስለቅስ ዐረፍተ ነገር አያሳድርም።

ለአክስትሽ ልጅ ምን ትዪዋለሽ? ክፉ አስቦ አይመስለኝም፤ ምናልባትም የጻፈላቸው አንዳንዶቹ ተሳክቶላቸው ይሆናል፤ ግን በድርሰቱ ምክንያት ይሁን በሌላ እሱም አያውቅም። ስለ ምክሩ አመስግነሽ፣ ድርሰቱን በስምሽ ፈርመሽ ስለምትልኪው ያልሆነውን ማስገባት እንደማትችይ ንገሪው። እርዳታው የሚያስፈልግሽ ሰዋስው ላይ ነው፤ በዚያ ይርዳሽ፤ ዐረፍተ ነገር ግን አይጨምርልሽ።

ለእናትሽ የምታደርጊው ከዚህ ይለያል። አዲሱን ረቂቅ ከጨረስሽ በኋላ፣ ማታ ደክማ ሳለች ሳይሆን እሑድ ቡና ተፈልቶ ስትቀመጪ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአማርኛ አንብቢላት። «ደስ አለሽ ወይ?» ብለሽ አትጠይቂያት፤ ደስ ባይላትም አዎ ልትልሽ ትችላለችና። ይልቁንም «እማዬ፣ ጎረቤት ቢሰማው የምትሸማቀቂበት ቃል የትኛው ነው?» በያት። አንድ ወይም ሁለት ቦታ ትነግርሻለች። ቦታው ስለ እሷ ከሆነ ሳትከራከሪ አውጪው። ስለ አንቺ ከሆነ ግን ለምን እንደጻፍሽው አስረጂያት፤ በሌሊት መነሣትሽ፣ ውጤትሽ መውረዱ የአንቺ ታሪክ ነውና የመናገር መብቱም የአንቺ ነው። ምናልባት «ለምን ሌሊት ቀሰቀስኩሽ» የሚል ጸጸት ከቃሏ ሥር ተደብቆ ይሆናል፤ እንደዚያ ከሆነ ከድርሰቱ ይልቅ ያንን ንግግር አስቀድሙ። የአባትሽን ጉዳት የሚናገረውንም አንድ ዐረፍተ ነገር ራሱ ይስማው። «ወገቡን ተጎድቶ ሥራ አቆመ» የሚለው ለአንባቢው ይበቃል፤ እሱ ሌላ ቃል ከመረጠም የመረጠው ይግባ።

ጊዜው አጭር ነው፤ ቢሆንም ይበቃል። ዛሬ ማታ ሦስቱን የተሰረዙ መስመሮች በንጹሕ ወረቀት ላይ ገልብጪና በሥራቸው ከደብተርሽ ያለውን ሁሉ ርዝመቱ ሳያሳስብሽ በአማርኛም ቢሆን ዘርዝሪ፤ መቁረጡ በኋላ ይመጣል። የመምህራኑን ማስታወሻ ሰኞ ስጪ፤ ደብዳቤ ለመጻፍ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ያስፈልጋቸዋልና። የገንዘብ ድጋፍ ቅጹን ከድርሰቱ ቀድመሽ ሙዪው፤ ቁጥሮቹ እዚያ አንዴ ከተቀመጡ ድርሰቱ ውስጥ የምታስገቢያቸውን ሁለቱን ከዚያው ትወስጃለሽና አይጋጩብሽም። ታኅሣሥ 23ን ደግሞ አትጠብቂ፤ መብራትም ኢንተርኔትም የሚጠፋው በዚያች ማታ ነው፤ በታኅሣሥ 18 ወይም 19 ልከሽ ጨርሺ።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። የቡኾውን ዕቃ ምጣዱ አጠገብ ማኖር ከጀመርሽ በኋላ ሊጡ ስንት ሰዓት ቀደመ? በረቂቅሽ ላይ «ቶሎ ደረሰ» ብቻ ብለሻል። ደብተሩ ካለሽ ቁጥሩ እዚያ ይኖራል፤ ፈልጊውና አስገቢው።